የክስ ወረቀቱን እንዴት እናንብበው? የግድያ ሙከራ፣ አማራጭ ክስ እና 2ኛ ክስ

በግድያ ሙከራ የተከሰሰ ሰው እህት የወንድሟን የክስ ወረቀት ለመረዳት ጥያቄ ያቀረበችበት የውይይት ክር ረዝሞ መሃል ላይ ወደ ሌላ ጉዳይ ስለፈሰሰ፣ የክስ ወረቀት በእጁ ይዞ ለሚመጣ ሰው እንዲመች መልሶቹን በቁጥር ተራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ። ስሞችን፣ ከተማውንና የመዝገብ ቁጥሩን አውጥቻለሁ።

መነሻ ጽሑፍ

ጠያቂዋ የተከሳሹ ታላቅ እህት ናት። ወንድሟ በጊዜ ቀጠሮ ሲመላለስ ቆይቶ ክስ ተመሥርቶበታል፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የክሱን ግልባጭ ሰጥቶት ክሱ እንዲነበብ ቀጠሮ ይዟል። እሷ ሦስቱን ገጽ ፎቶ አንሥታ የሚነበበውን ሁሉ ጽፋ አቀረበች።

1ኛ ክስ በእሱ ላይ ብቻ ነው፤ የተጠቀሰው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 27(1) እና 540 ነው። የወንጀሉ ዝርዝር ተከሳሹ ሰው ለመግደል አስቦ፣ ከምሽቱ በግምት 3፡00 ሰዓት ሲሆን፣ ልዩ ቦታው ከአንድ መጠጥ ቤት በር ላይ፣ የግል ተበዳዩን በሴንጢ ግራ ጎኑን አንድ ጊዜ እንደወጋው፣ ሰዎች እንደያዙትና ተበዳዩ በሕክምና እንደተረፈ ይናገራል። ከሥሩ አማራጭ ክስ የሚል ርዕስ አለ፤ ድርጊቱ ያው ሆኖ አንቀጹ 555 ነው፣ ሐሳቡም አካል ለመጉዳት ተብሏል። 2ኛ ክስ በእሱና በጓደኛው ላይ ነው፤ አንቀጽ 32(1)(ሀ) እና 556(2)(ሀ)፣ ሊገላግል የመጣ ሌላ ሰው በዱላና በጠርሙስ ስለመመታቱ። መጨረሻው የማስረጃ ዝርዝር ነው፦ አራት ምስክሮች፣ ሁለት የሕክምና ማስረጃ፣ ሴንጢው በኤግዚቢትነት፣ እና በሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 27 የሰጠው ቃል።

የጠየቀችው አራት ነገር ነው። ሦስት ወንጀል ነው ወይስ ሁለት? ቅጣቱ 20 ሲደመር 15 ሲደመር 3 ሆኖ 38 ዓመት ነው? ትንሹን ቢያምን ትልቁ ይቀርለታል? የክሱ ቀን ከሆስፒታሉ ካርድ በአንድ ቀን ስለሚለይ ክሱ ይወድቃል?

1ኛ መልስ

መልካም ምኞቱን በአክብሮት አስቀድሞ፣ 27 የሚለው ቁጥር ሁለት ቦታ መገኘቱ ወንድምየው በፖሊስ ፊት ለማመኑ ማረጋገጫ ነው አለ። ስለዚህ ክርክሩ ብዙ ተስፋ እንደሌለው እንድታውቀው መከረ።

2ኛ መልስ

በዐቃቤ ሕግነት ለዓመታት ሠርቶ አሁን ጥብቅና የያዘ ሰው ነው፤ በክሩ ውስጥ ከማንም በላይ የጻፈው እሱ ነው። 1ኛው መልስ ሁለት የተለያዩ ሕጎችን እንዳደባለቀ በትሕትና አስረዳ። በ1ኛ ክስ ራስጌ ያለው 27(1) የወንጀል ሕጉ ነው፤ ሙከራ ማለት ነው። በማስረጃው ዝርዝር ያለው 27 ደግሞ የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ ተጠርጣሪው ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነው፤ ቃሉ መካድም ሊሆን ይችላል። የእምነት ቃል በፍርድ ቤት ፊት ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ በቁጥር 35 ይጠቀስ ነበር፤ በዚህ ወረቀት ላይ 35 የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ያን ቃል ማግኘትና ማንበብ እንጂ ታምኗል ብሎ መነሣት አይገባም።

3ኛ መልስ

ይኸው ሰው ቀጠለ። ቤተሰብ ክስ ሲያነብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው 1ኛ ተከሳሽ እና 1ኛ ክስ የሚሉትን አንድ አድርጎ በመውሰድ ነው። የመጀመሪያው ሰው ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ወንጀል ይቆጥራል። እያንዳንዱ ክስ ራስጌ ላይ በማን ላይ እንደቀረበ ተጽፎ ይገኛል፤ ጓደኛው በ1ኛ ክስ ውስጥ የለበትም፣ በሴንጢው ጉዳይም አይጠየቅም።

ከዚያ እያንዳንዱን ክስ ለየብቻ በወረቀት ላይ እንድትገለብጥና አራት ነገር ለይታ እንድታሰምር ነገራት፦ አንቀጹን፣ ጊዜና ቦታውን፣ ተደረገ የተባለውን ድርጊት፣ በምን ሐሳብ ተደረገ የተባለውን። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 111 ክስ እነዚህን እንዲይዝ ያዛል፤ 112 ደግሞ ተከሳሹ የሚመልስለትን ነገር በትክክል እንዲያውቅ ሆኖ እንዲጻፍ፣ አገላለጹም ወንጀሉን ለሚደነግገው ሕግ ቃል የቀረበ እንዲሆን ይጠይቃል። ለመግደል አስቦ የሚለው ሐረግ በየክሱ እየተደጋገመ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሐረጉ ዐቃቤ ሕጉ ማስረዳት ያለበት ነገር እንጂ ገና የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

4ኛ መልስ

ሌላ ሰው ደግሞ አማራጭ ክስ የሚመጣው ዐቃቤ ሕጉ በዋናው ክስ ሲጠራጠር ስለሆነ የግድያ ሙከራው መውደቁ አይቀርም፣ ተረጋጊ አላት።

5ኛ መልስ

ባለሙያው፣ ማለትም የ2ኛው መልስ ጸሐፊ፣ ግማሹን ተቀበለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 አማራጭ ክስን የፈቀደው በርግጥ የትኛው ወንጀል እንደተፈጸመ ሲያጠራጥር ነው። ጥርጣሬው ግን ዐቃቤ ሕጉ ደክሟል ማለት አይደለም። አንድ መውጋት እንደ ሐሳቡ ግድያ ሙከራ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊሆን ስለሚችል፣ በሁለቱም በር የሚያስገባ ክስ ይጽፋል። ጎንና ደረት ላይ በስለት በተፈጸመ ድርጊት ይህ የተለመደ አጻጻፍ ነው።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ መጣ። ዋናውና አማራጩ አይደመሩም፤ ጥፋተኛ የሚባለው ከሁለቱ በአንዱ ብቻ ነው። ተራ ግድያ በ540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ሙከራው መነሻው ይኸው ቅጣት ሆኖ በ27(3) ፍርድ ቤቱ ሊያቀልለው ይችላል። 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ወይም ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው። 2ኛው ክስ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ተበዳዩም ሌላ ሰው ነው። 556(2) ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው፤ ጥፋተኛ ከተባለ ይህ በ1ኛው ላይ ይደመራል። ስለዚህ 38 የሚባል ቁጥር ከዚህ ወረቀት አይወጣም። ክርክሩ ያለው 1ኛው ክስ በየትኛው አንቀጽ ይያዛል በሚለው ላይ ነው።

እዚህ ላይ እኔም ልጨምር። ቤተሰብ በአማራጭ ክስ ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው ርዕሱ እንደ ሦስተኛ ወንጀል ተነጥሎ ስለሚጻፍ ነው። ከ1ኛ ክስ ሥር ገባ ተደርጎ ቢጻፍ ብዙ ሰው በተረዳው ነበር።

6ኛ መልስ

ጠያቂዋ ተመልሳ አመሰገነችና አንድ ጥያቄ አከለች፦ ዋናውና አማራጩ በድርጊት አንድ ከሆኑ ዳኛው በምን ይለያቸዋል?

7ኛ መልስ

ከ4ኛው መልስ ጸሐፊ ጋር የማይስማማ ሌላ ሰው ፈጥኖ ገባ፤ ቃሉም ከረር ያለ ነበር። ሴንጢ ይዞ የወጣ ሰው ለመግደል ነው የወጣው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ ቤተሰብን በከንቱ ተስፋ አትመግቡ ብሎ ደመደመ።

8ኛ መልስ

ባለሙያው በዚህ መልስ ላይ ጊዜ ወሰደ፤ የክሩ ዋና ነገርም ያለው እዚህ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ወንጀል የሚኖረው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ይላል። በዚህ ጉዳይ ሕጋዊው አያከራክርም። ግዙፋዊው መውጋቱና ቁስሉ ነው፤ እሱም ለሁለቱም አንቀጾች አንድ ነው። የሚለያቸው ሞራላዊው ብቻ ነው፦ ሊገድል ነበር ወይስ ሊጎዳ? ሐሳብ በዓይን አይታይም፤ ፍርድ ቤቱ ከውጭ ከሚታዩ ነገሮች ይገምተዋል። መሣሪያው ምን ያህል ስለት አለው፣ የት አረፈ፣ ስንት ጊዜ ሰነዘረ፣ ከመውጋቱ በፊት ምን ተናገረ፣ ያቆመው ራሱ ነው ወይስ የያዙት ሰዎች?

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አንድ ጊዜ የሚለው ቃል ለተከሳሹ ይጠቅማል። ግራ ጎን የሚለው ይጎዳዋል። ሰዎች ስለያዙት የሚለው ደግሞ ያለምክንያት አልተጻፈም፤ መቀጠል ፈልጎ ተከለከለ ለማለት ነው። ስለዚህ ከአራቱ ምስክሮች ያዘው የተባለው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ያ ምስክር ከወጋ በኋላ ቆሞ ነበር ካለ የክሱ አንድ እግር ይላላል፤ እጁን አንሥቶ ሁለተኛ ሊሰነዝር ሲል ያዝኩት ካለ ይጠነክራል።

ለ7ኛው መልስ ጸሐፊም ቀጥታ መለሰ። ሴንጢ መያዝ አንድ ምልክት ነው፤ ለብቻው ግን 540ን አያቆምም። እንዲያ ቢሆን 556(2)(ሀ) ጉዳት ሊያደርስ የሚችል መሣሪያ ተጠቅሞ ስለሚፈጸም ቀላል ጉዳት ባልደነገገ ነበር። በሌላ በኩል እገድላለሁ ብዬ አላሰብኩም ማለት ብቻም አያድንም፤ አንቀጽ 58 ውጤቱ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ያለን ሰውም አስቦ እንዳደረገ ይቆጥረዋል።

9ኛ መልስ

7ኛው ጸሐፊ አልተዋጠለትም። የመጣው ይምጣ የሚለው ከተያዘ ጎን መውጋት ሁሉ ግድያ ሙከራ ሊሆን አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ባለሙያውም ችሎቶች በዚህ ላይ ወጥ እንዳልሆኑ፣ ሙከራ ግልጽ የመግደል ፍላጎትን ይጠይቃል የሚል ክርክር ጠበቆች ዘወትር እንደሚያነሡ ከመግለጽ ያለፈ መልስ አልሰጠም።

10ኛ መልስ

ከአሜሪካ የሚጽፍ ሰው ነው። በሚኖርበት በሜሪላንድ ዘመዱ ተከሶ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድሮ ትንሹን አምኖ ትልቁ እንደተነሣለት ጽፎ፣ አማራጭ ክስ ማለት ለድርድር የቀረበ ዋጋ ነውና ወንድምሽ 555ን ፈጥኖ ይመን አለ።

11ኛ መልስ

አንዲት ተከላካይ ጠበቃ በቁጣ መለሰች። ይህ ምክር ሰው ያስቀጣል አለች። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንዲህ ያለ ድርድር አያውቅም፤ አማራጩን ማመን ዋናውን አያስነሣም፤ ዐቃቤ ሕጉ ምስክሮቹን አቅርቦ በ540 መቀጠል ይችላል። በዚያ ላይ ተከሳሹ ወጋሁት ብሎ በመዝገብ ላይ ካስያዘ በኋላ እኔ አልነበርኩም ወይም ራሴን እየተከላከልኩ ነበር ማለት አይቻለውም።

ቁጣዋ ሲበርድ ሥርዓቱን ዘረዘረች። ክሱ ይነበባል፤ ዳኛው መጀመሪያ መቃወሚያ አለህ ወይ ይላል፤ ቀጥሎ የእምነት ክህደት ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉም በየክሱ ለየብቻ ይመዘገባል። አድርጌያለሁ ግን ልገድለው አልነበረም የሚል መልስ በሕጉ እንደ ክህደት ነው የሚቆጠረው፤ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ሁሉ ያለ ማቅማማት ካላመነ አመነ አይባልም። ችግሩ፣ እምነት ተብሎ ቅጣት አያቀልለትም፣ ዝርዝሩ ግን ከአፉ ወጥቶ ይመዘገባል። ስለዚህ ያን ዕለት ጠበቃ አጠገቡ ሳይኖር ቃል መስጠት የለበትም። አቅም ከሌለው ተከላካይ ጠበቃ በመንግሥት እንዲመደብለት ከቃሉ በፊት ለችሎቱ ያመልክት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ይህን መብት ሰጥቶታል።

የሜሪላንዱ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ዝም አለ።

12ኛ መልስ

አንድ አጭር መልስ የቀኑን ስሕተት አነሣ፤ ቀን የተሳሳተ ክስ ውድቅ ነው፣ ልጁም ዕለቱን ይፈታል አለ።

13ኛ መልስ

ባለሙያው ይህን በጥብቅ አስተባበለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 118 ስሕተቱ ተከሳሹን ካላሳሳተና ፍትሕን ካላዛባ ክሱን እንደማያፈርስ ይናገራል፤ 119 ደግሞ ክሱ እንዲሻሻል በር ይከፍታል። የአንድ ቀን ልዩነት በአብዛኛው ዐቃቤ ሕጉ አስተካክሎ የሚመለስበት ነገር ነው። ልዩነቱ ክብደት የሚኖረው ተከሳሹ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ነበርኩ የሚል መከላከያ ካለው ብቻ ነው። የሆስፒታል ካርድ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲከፈት ቀኑ ይገፋል፤ መጀመሪያ ይህን አጣሩ አለ።

እሱ ወረቀቱን ሲያነብ ያየው ሌላ ጉድለት ነው። አማራጩ ክስ 555 ብሎ ብቻ አለፈ። አንቀጹ ግን ሦስት ፊደል አለው፦ ሕይወትን ለአደጋ ያጋለጠ ወይም ጤናን ለዘለቄታው የጎዳ፤ አካልን ያጎደለ ወይም መልክን ክፉኛ ያበላሸ፤ በሌላ መንገድ ከባድ ጉዳት ያደረሰ። ፊደሉ ካልተጠቀሰ፣ በዝርዝሩም ጉዳቱ ምን እንደሆነ ካልተጻፈ፣ ተከሳሹ ከየትኛው እንደሚከላከል አያውቅም። ይህ በመቃወሚያ የሚነሣ ተገቢ ነገር ነው።

14ኛ መልስ

ተከላካይ ጠበቃዋ በዚህ አልተስማማችም። ጉድለቱን ዛሬ መጠቆም ዐቃቤ ሕጉ የሕክምና ማስረጃውን አይቶ ትክክለኛውን ፊደል እንዲጽፍ መርዳት ነው አለች። የሕክምና ማስረጃው ቁስሉ ደረት ውስጥ አልዘለቀም የሚል ከሆነ ዝም ብሎ ማለፍና ምስክሮች ተሰምተው ሲያበቁ ጉዳቱ 555 አይሞላም ብሎ መከራከር ይሻላል። በአንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ማስረጃው የሚያሳየው ቀለል ያለ ወንጀል ከሆነ ባልተጠቀሰ አንቀጽም ሊፈርድ ስለሚችል ነገሩ ወደ 556 ሊወርድ ይችላል። ከተከሰሰበት ወደከበደ ግን በዚህ መንገድ አይወጣም።

ባለሙያው መቃወሚያ በወቅቱ ካልተነሣ ኋላ ማንሣቱ ይከብዳል ብሎ በአቋሙ ጸና። ሁለቱ አልተግባቡም። ሁለቱም ግን የሕክምና ማስረጃው ሳይነበብ ምርጫው እንደማይደረግ ተስማሙ። እኔም ሁለቱን ደጋግሜ አንብቤ የጠበቃዋ ሐሳብ ያደላብኛል፤ ፊደሉን ማስጻፍ ለተከሳሹ የሚጠቅመው መከላከያው በጉዳቱ ዓይነት ላይ ሲመሠረት ነው፣ እዚህ ግን ጠቡ በሐሳቡ ላይ ነው።

15ኛ መልስ

አንድ አባት ጉዳዩን ወደ ሽምግልና ወሰዱት። የሁለቱ ቤተሰቦች አገር ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ተበዳዩ ይቅር ካለ ክሱ ምን ቀረው አሉ። ከዚህ በኋላ አሥር ያህል መልሶች በደም ማድረቅ ሥርዓት፣ በካሳ መጠንና ሽማግሌ በሚመረጥበት መንገድ ላይ ሄዱ፤ እነዚያን አላመጣሁም።

16ኛ መልስ

ተከላካይ ጠበቃዋ አባትየውን በአክብሮት መለሰችላቸው። እርቁ ይቅር አይባልም፤ ለሁለቱ ቤቶች ሰላም ነው፣ ለተከሳሹም ቅጣት ሲሰላ የጸጸትና የካሳ ማስረጃ ሆኖ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ያቀልለታል። የግድያ ሙከራና ከባድ የአካል ጉዳት ግን በተበዳዩ አቤቱታ ላይ የቆሙ ወንጀሎች ስላይደሉ በእርቅ ክሱ አይዘጋም። አንድ ነገር አጥብቃ አሳሰበች፦ የእርቅ ሰነዱ ላይ ልገድለው ብዬ ወግቼዋለሁ የሚል ዓይነት ቃል እንዳይገባ። ወረቀቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ለማቅለያ የመጣው ነገር ለጥፋተኝነት ሊነበብ ይችላል። ለምስክሮች ገንዘብ መስጠት ወይም እንዲቀሩ መለመን ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

17ኛ መልስ

ጠያቂዋ ዋስትናን አነሣች። ክሱ ላይ 540 ስላለ ዋስትና የለውም ተብላለች።

18ኛ መልስ

7ኛው ጸሐፊ ተመልሶ፣ የ540 ጣሪያ 20 ዓመት ስለሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትናን ዘግቶታል አለ።

19ኛ መልስ

ባለሙያው አንቀጽ 63ን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ነገረው። ድንጋጌው ከ15 ዓመት ቅጣት ጎን ለጎን የተበዳዩን ሁኔታ፣ ይሞት ይሆናል የሚለውን ሥጋት ይጠይቃል። በእሱ ንባብ ዋስትና የሚከለከለው ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው፤ ተበዳዩ ድኖ ቤቱ ከገባ የቅጣቱ ጣሪያ ለብቻው አይበቃም። 7ኛው ጸሐፊ ግን ሁለቱ እያንዳንዳቸው በቂ ናቸው ብሎ የሚከለክል ዳኛ አይቻለሁ አለ፤ ጠበቃዋም እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንደሚያጋጥምና ይግባኝ እንደሚባልበት አልካደችም። ባለሙያው ጨምሮ በ63 ያለፈ ሰውም በ67 ሊከለከል እንደሚችል አስታወሰ፦ ቀጠሮ አያከብርም፣ ምስክር ያባብላል፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል የሚል ሥጋት ካለ። በዋስትናው ላይ ክሩ አንድ መልስ ላይ አልደረሰም።

20ኛ መልስ

ጠያቂዋ የመጨረሻውን ጻፈች። የተበዳዩ የሕክምና ማስረጃ ግልባጭ በእጇ ገብቷል፤ ቁስሉ ደረት ውስጥ ዘልቆ በቱቦ መታከሙን፣ 5 ቀን ተኝቶ መውጣቱን ይናገራል። ከሆስፒታል የወጣበት ቀን ስለተጻፈበት ለዋስትናው ማመልከቻ ታያይዘዋለች።

21ኛ መልስ

ጠበቃዋ ይህን ስታይ ስለ 556 የተናገረችውን አነሣች፤ ደረት ውስጥ የዘለቀ ቁስል 555 ላይ ስለሚቆም ወደዚያ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የቀረው ጠብ በ540 እና በ555 መካከል ነው፤ እሱም የሚወሰነው ያዝኩት በሚለው ምስክር ላይ ነው። ያ ምስክር ከዝርዝሩ 3ኛው እንደሆነ ጠያቂዋ ከወንድሟ አጣርታለች። የተከሳሹ ጠበቃ ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ከመዝገቡ አውጥቶ፣ ችሎት ላይ ከሚናገረው ጋር በመስቀለኛ ጥያቄ እንዲያስተያይ ጠበቃዋ የሚጠየቁትን ሦስት ጥያቄዎች ጻፈችላት፦ ከተከሳሹ በስንት እርምጃ ርቀት ቆመህ ነበር? ስትይዘው ሴንጢው ያለበት እጁ ወዴት ነበር? ከመያዝህ በፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል ወይስ አልሄደም?